ካሳ እስከ መቼ ካሳ ነበር? የነገሥታትን ልጅነት በትክክለኛው ስም ስለመፈለግ



የዛሬው ርእሰ ጉዳይ ቤተ መጻሕፍት ገብቶ የአንድን ንጉሠ ነገሥት ልጅነት መፈለግ የጀመረን ሰው ሁሉ የሚገጥም ችግር ነው። ሰውዬው «ቴዎድሮስ» ብሎ ይፈልጋል። ስለ መቅደላ፣ ስለ ሴባስቶፖል፣ ስለ ጋፋት ብዙ ያገኛል። ስለ ቋራው ልጅ፣ ስለ ገዳሙ ተማሪ፣ ስለ ቆላው ሽፍታ ግን የሚያገኘው ጥቂት፣ ያም ከነገሡ በኋላ የተጻፈ ነው። ከዚያ ተነስቶ «ስለ ልጅነታቸው ምንም አልተጻፈም» ብሎ ይደመድማል። ድምዳሜው ግን ከፈለገበት ስም የመጣ ሊሆን ይችላል። እስከ የካቲት 1847 ዓ.ም. ድረስ በኢትዮጵያ ምድር ቴዎድሮስ የሚባል የቋራ ሰው አልነበረም፤ የነበረው ካሳ ነው።

ስለ ነገሥታት ስም በጠቅላላው ልናገር ብነሳ ጊዜው አይበቃኝም። ስለዚህ አንዱን ሰው፣ ካሳ ኃይሉን፣ እስከ ጥጉ ልከተለው። ሌሎቹን የማነሣቸው ለማመሳከሪያ ያህል ብቻ ነው።

ካሳ በ1811 ዓ.ም. ገደማ ቋራ ውስጥ ተወለደ። አባቱ ኃይሉ ወልደ ጊዮርጊስ፣ እናቱ ወይዘሮ አትጠገብ ናቸው። አባቱ ቀድሞ ሞተ። ልጁ በገዳም ትምህርት ጥቂት ቆይቶ በሥጋ ዘመዱ በደምቢያው ገዥ በደጃዝማች ክንፉ ጥላ ሥር አደገ፤ ክንፉ ሲሞቱ ግን ርስት አልባ ሆኖ ሸፈተ። በኋላ የራስ ዓሊን ልጅ ተዋበችን አግብቶ ደጃዝማች ተባለ። ከአማቹ ጋር ተጣላና በኅዳር 1845 ዓ.ም. ጉር አምባ ላይ ደጃዝማች ጎሹን፣ በዚያው ዓመት ሰኔ ላይ አይሻል ላይ ራስ ዓሊን ድል አደረገ። በየካቲት 1847 ዓ.ም. ደረስጌ ላይ ደጃዝማች ውቤን አሸነፈና በደረስጌ ማርያም ቤተ ክርስቲያን በአቡነ ሰላማ እጅ ቅብዓ መንግሥት ተቀብቶ «ቴዎድሮስ ንጉሠ ነገሥት ዘኢትዮጵያ» ተባለ። ያን ጊዜ ዕድሜው ወደ ሠላሳ ስድስት ነበር። ስለዚህ ከሕይወቱ ከሁለት ሦስተኛው በላይ ያለፈው በሌላ ስም ነው።

ልብ በሉ፤ በዚያች ቀን የጠፋው የመጀመሪያው ስም ብቻ አይደለም። የአባቱም ስም አብሮ ጠፋ። እኛ ዘንድ ሰው የሚለየው በቤተሰብ ስም አይደለም፤ በራሱና በአባቱ ስም ነው። የነገሠ ሰው ግን የአባቱን ስም ከስሙ ኋላ አያስከትልም። «ቴዎድሮስ ኃይሉ» የሚል የመንግሥት ደብዳቤ ማንም አይፈልግ፤ የለም። ስለዚህ ከዙፋን ስም ወደ ልጅነት ስም የሚወስደው ድልድይ ሁለቱም ምሰሶው የተነሣ ነው። «ዳግማዊ» የሚለውም ቢሆን ብዙ ጊዜ ኋላ የመጡ ጸሐፊዎች የጨመሩት መለያ ነው። አፄ ዮሐንስ ደብዳቤያቸውን «ንጉሠ ጽዮን ዮሐንስ» ብለው ያጻፉ ነበር እንጂ አራተኛ መሆናቸውን በየወረቀቱ አይቆጥሩም። አፄ ምኒልክ ግን በማኅተማቸው ላይ «ዳግማዊ ምኒልክ» ብለዋል፤ እሳቸው የመጀመሪያው ምኒልክ ማን እንደሆነ ሕዝቡ እንዲያስብ ይፈልጉ ነበር።

እንግዲህ የሚፈለገው ስም «ካሳ» ነው ካልን፣ ነገሩ አለቀ ማለት ነው? አላለቀም፤ እንዲያውም የሚከብደው ከዚህ ወዲህ ነው። ምክንያቱም ካሳ አንድ አይደለም።

የተንቤኑ ሹም የምርጫ ልጅም ካሳ ነበር። እሱም ደጃዝማች ተባለ። እሱም ነገሠ፤ በጥር 1864 ዓ.ም. አክሱም ላይ ዘውድ ጭኖ ዮሐንስ ሆነ። ሁለቱ ካሳዎች በአንድ ዘመን በሕይወት ነበሩ፤ አንዱ ነግሦ ሳለ ሌላው ገና ወጣት መኮንን ነበር። እንግሊዞች በ1860 ዓ.ም. አፄ ቴዎድሮስን ሊወጉ በመጡ ጊዜ የጄኔራል ናፒየርን ጦር በትግራይ በኩል ያሳለፈው ካሳ የምርጫ ልጅ ነው። በዘመቻው መዛግብት ውስጥ የሚወጉት ንጉሥ «ቴዎድሮስ»፣ የሚወዳጁት መስፍን «ካሳ» ናቸው። ሳይጠነቀቅ ያነበበ ሰው ካሳ በካሳ ላይ ሲዘምት ያይና ግራ ይገባዋል፤ ወይም ይባስ ብሎ ግራ ሳይገባው ሁለቱን አንድ አድርጎ ይጽፋል።

ሦስተኛው ደግሞ ይበልጥ አሳሳች ነው። አማርኛ ጽሑፎችን በኮምፒውተር «ካሳ ኃይሉ» ብላችሁ ብትፈልጉ፣ ከምታገኙት ብዙው በ1928ቱ ጦርነት የሰሜኑን ግንባር የመሩት፣ በእናታቸው የራስ ዳርጌ የልጅ ልጅ የሆኑት ልዑል ራስ ካሳ ኃይሉ ናቸው። የራሳቸውም የአባታቸውም ስም ከቋራው ካሳ ጋር አንድ ነው። የሚያድናችሁ ማዕረጉ ነው፤ የቋራው ካሳ ልጅ ካሳ ተብሏል፣ ደጃዝማች ካሳ ተብሏል፣ «ራስ ካሳ» ተብሎ ግን አልታወቀም። ስለዚህ «ራስ ካሳ» የሚል ካያችሁ ሌላ ሰው ጋ ደርሳችኋል ማለት ነው።

ፊደሉም ይፈታተናል። አንዱ ጸሐፊ «ካሳ» ሲል ሌላው «ካሣ» ይላል፤ «ኃይሉ»፣ «ሃይሉ»፣ «ኀይሉ» ሁሉም ይጻፋሉ። ለአንባቢ አንድ ናቸው፤ ለኮምፒውተር የተለያዩ ቃላት ናቸው። በላቲን ፊደል በተጻፉት ደግሞ Kasa፣ Kassa፣ Cassa፣ Kassai የሚሉትን እየቀያየሩ መፈለግ ያስፈልጋል።

አሁን አንድ ወረቀት በእጃችሁ ገባ እንበል። ዓመተ ምሕረት የለውም። «ደጃዝማች ካሳ» ይላል፤ የአባት ስም የለም። የትኛው ካሳ ነው? እኔ ይህን ጥያቄ የምፈታው ስሙን በመመርመር አይደለም፤ በዙሪያው ያሉትን ሰዎች በመመርመር ነው። ወረቀቱ ራስ ዓሊን እንደ ሕያው ገዥ የሚያነሣ ከሆነ ከሰኔ 1845 ዓ.ም. በፊት ነው፤ ስለዚህ የኃይሉ ልጅ ነው። እቴጌ መነንን፣ ደጃዝማች ጎሹን የሚያነሣም እንዲሁ። ዋግሹም ጎበዜን ወይም ተክለ ጊዮርጊስን እንደ ተቀናቃኝ ካነሣ ግን ዘመኑ የ1860ዎቹ መጀመሪያ ስለሆነ የምርጫ ልጅ ነው። እግረ መንገዴን ልበል፤ ዋግሹም ጎበዜና ተክለ ጊዮርጊስ ራሳቸው አንድ ሰው ናቸው፤ በ1860 ዓ.ም. ነግሠው ስም የቀየሩ፣ በሐምሌ 1863 ዓ.ም. ዓድዋ አጠገብ በዚያው በካሳ የተሸነፉ።

የጳጳሱ ስም ከሁሉም ይበልጥ ይጠቅመኛል፤ ሆኖም የራሱ ወሰን አለው። አቡነ ሰላማ በ1834 ዓ.ም. መጥተው በ1860 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ መቅደላ ሞቱ። ስለዚህ የእሳቸው ስም ብቻውን ሁለቱን ካሳዎች አይለይም፤ ሁለቱም በእሳቸው ዘመን ደጃዝማች ሊባሉ ይችሉ ነበር። አቡነ አትናቴዎስ ግን የገቡት በ1861 ዓ.ም. ነው፤ ያስመጣቸውም የምርጫ ልጅ ነው። አትናቴዎስ የሚል ስም ያለበት ወረቀት ላይ «ካሳ» ካለ፣ የቋራው ካሳ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ ሞቷልና ጥርጥር የለውም።

ቦታም ያግዛል። ቋራ፣ ደምቢያ፣ ጭልጋ፣ ጎንደር ወደ አንዱ፤ ተንቤን፣ እንደርታ፣ ዓድዋ ወደ ሌላው ይመራሉ። ከቦታ የሚበልጠው ግን የፈረስ ስም ነው። የኃይሉ ልጅ «አባ ታጠቅ»፣ የምርጫ ልጅ «አባ በዝብዝ» ነው። የፈረስ ስም ዘውድ ሲጫን አይቀየርም። ሰውየው ደጃዝማችም ሆነ ንጉሠ ነገሥት አባ ታጠቅ አባ ታጠቅ ነው። ስለዚህ ከንግሥ በፊትና በኋላ ያለውን ሕይወት የሚያያይዝ ስም የሚፈልግ ሰው ቀድሞ መሞከር ያለበት እሱን ይመስለኛል። ችግሩ የፈረስ ስም የሚገኘው በፉከራና በቀረርቶ፣ በዜና መዋዕልም አልፎ አልፎ እንጂ በውጭ አገር ሰዎች መዝገብ ውስጥ እምብዛም አለመሆኑ ነው።

ወደ ውጭ አገር ሰዎች መዝገብ ከመጣን፣ በዚያ በኩል አንድ ትልቅ ወጥመድ አለ፤ የዓመቱ ቁጥር። «1847» የሚል ቁጥር ውሰዱ። በእኛ አቆጣጠር ካሳ የነገሠበት ዓመት ነው። በፈረንጆች አቆጣጠር ደግሞ ካሳ ገና ሽፍታ ሆኖ የራስ ዓሊን እናት እቴጌ መነንን የማረከበት ዓመት ነው። አንዱ መጽሐፍ «በ1847 ሽፍታው ካሳ» ሲል ሌላው «በ1847 ንጉሠ ነገሥት ቴዎድሮስ» ይላል፤ ሁለቱም ትክክል ናቸው። በመካከላቸው ግን ስምንት ዓመት ገደማ አለ። ስሙ ከቁጥሩ ጋር የሚጋጭ በመሰላችሁ ጊዜ ስሙን ከማረማችሁ በፊት አቆጣጠሩን ጠይቁ።

አሁን ዋናው ነገር ላይ ደርሻለሁ። ስም ሰውን ከማሳወቁ በተጨማሪ ወረቀቱ መቼ እንደተጻፈም ይናገራል። ስለ እቴጌ መነን መማረክ የሚተርክ ጽሑፍ አገኘን እንበል። ጽሑፉ የማረካቸውን ሰው «ቴዎድሮስ» የሚል ከሆነ፣ የተጻፈው ቢያንስ ስምንት ዓመት ያህል ቆይቶ ነው፤ ጸሐፊው የሰውየውን መጨረሻ አውቆ ነው መጀመሪያውን የሚተርከው። ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። መጨረሻውን የሚያውቅ ሰው ልጅነቱን እንደ መጨረሻው አድርጎ ይቀርጻል። በተለይ በዚህ ንጉሥ ላይ። «ቴዎድሮስ» ተራ ስም አልነበረም፤ ፍካሬ ኢየሱስ ፍትሕና ሰላም ያመጣል ብሎ የተነበየለት ንጉሥ ስም ነው። ካሳ ስሙን የመረጠው ትንቢቱን አውቆ ነው። ስሙ ከተያዘ በኋላ ግን ትንቢቱ ወደ ኋላ እየሄደ ልጅነቱን ያዘው፤ በእናቱ ማኅፀን፣ በገዳሙ፣ በቆላው ዋሻ ምልክት ታየ የሚሉ ታሪኮች በዙ። ዜና መዋዕሉን የጻፉት እነ ደብተራ ዘነብና አለቃ ወልደ ማርያም ብዙ ዋጋ ያለው ነገር አቆይተውልናል፤ ግን ሁሉም የጻፉት ከንግሡ ወዲህ ነው። ስለ ልጅነቱ የሚሉትን ስናነብ ይህን መዘንጋት የለብንም።

በተቃራኒው፣ ጽሑፉ «ካሳ» ካለና ስለ ነጋሢነት የሚጠረጥረው ነገር ከሌለው ወደ ድርጊቱ የቀረበ ሊሆን ይችላል። «ሊሆን ይችላል» ያልኩት ሆን ብዬ ነው። ይህ ፈተና በአንድ ወገን ጠንካራ፣ በሌላው ደካማ ነውና። «ቴዎድሮስ» የሚል ጽሑፍ ከ1847 ዓ.ም. በፊት ሊጻፍ አይችልም፤ «ካሳ» የሚል ጽሑፍ ግን ከዚያም በኋላ ሊጻፍ ይችላል። ንግሥናውን ያልተቀበለ ባላጋራ የዙፋን ስሙን አይጠራለትም። ሕዝቡም ደግሞ በፍቅር በልጅነት ስሙ መጥራቱን አልተወም፤ እስከ ዛሬ በግጥምና በቀረርቶ «መይሳው ካሳ» እንለዋለን። ስለዚህ ካሳ የሚል ግጥም ሰምቶ «ይህ ከንግሡ በፊት የተገጠመ ነው» የሚል ሰው ይሳሳታል። ስለ መቅደላ ሞቱ የተገጠሙትም ካሳ ይላሉ።

ታዲያ ከንግሡ በፊት የተጻፈው የት ነው የሚገኘው? ያኔ ስለ ካሳ ብሎ የጻፈ ሰው የለም፤ ምክንያቱም ማንም ሊጽፍለት የሚገባ ሰው አልነበረም። ስለዚህ ራሱን ትታችሁ የዘመኑን ትልልቆች ፈልጉ። በ1830ዎቹ የነበሩት የውጭ መንገደኞች፣ ለምሳሌ የፈረንሳዮቹ ወንድማማቾች እነ አባዲ፣ ዓይናቸው በራስ ዓሊ፣ በእቴጌ መነን፣ በደጃዝማች ክንፉና በደጃዝማች ውቤ ላይ ነበር። ካሳ ከተገኘ የሚገኘው በእነሱ ታሪክ ጠርዝ ላይ ነው፤ «የክንፉ ዘመድ የሆነ አንድ ሽፍታ»፣ «የመነንን አገር የዘረፈ አንድ ካሳ» ተብሎ። የመጽሐፉን ማውጫ ብቻ ያየ ሰው ግን እዚያ አይደርስም፤ ማውጫ አዘጋጁ ሁሉንም «ቴዎድሮስ» በሚለው ሥር አስገብቶ ወይም ያንን ተራ ሽፍታ ጨርሶ ሳይመዘግበው አልፎ ሊሆን ይችላል። በምስል የተነሡ አሮጌ መጻሕፍት ውስጥ በኮምፒውተር ስትፈልጉ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል፤ ማሽኑ ገጹ ላይ የተጻፈውን ፊደል ብቻ ነው የሚያገኘው፤ «ቴዎድሮስ» ብላችሁ ስትጠይቁት «ካሳ» የሚለውን ገጽ አያመጣም።

የእንግሊዙ ቆንስል ዋልተር ፕላውደን ጥሩ መፈተሻ ነው። በፈረንጆች 1848 ቆንስል ሆኖ ተሾመና በቀጣዩ ዓመት ከራስ ዓሊ ጋር ውል ተፈራረመ። ራስ ዓሊ ወደቁ፤ ያ ሽፍታ ካሳ ንጉሠ ነገሥት ሆነ፤ ፕላውደንም ወዳጁ ሆነ። ስለዚህ በአንድ ሰው ጽሑፎች ውስጥ አንዱ ሰው ሁለት ስም አለው። ከ1847 ዓ.ም. ወዲህ ያለውን ብቻ ያነበበ፣ ፕላውደን ሰውየውን ገና ሲታዘበው የነበረበትን ዘመን ያጣል። መጽሐፉ የታተመው ደግሞ ፕላውደን ከሞተ በኋላ፣ በዘመቻው ዓመት ነው፤ ስለዚህ የታተመበትን ዓመት ሳይሆን የተጻፈበትን ነው ማየት።

አሁን ሌሎቹን ነገሥታት ቶሎ ቶሎ ልንካ፤ ምክንያቱም የካሳን መንገድ ሳይለውጡ በሁሉም ላይ መጫን ስሕተት ላይ ይጥላል።

አፄ ምኒልክ ሣህለ ማርያም ተብለው ነው የተጠሩት። ብዙ ሰው የነጋሢ ስም የሚቀየረው ንጉሠ ነገሥት ሲሆን ነው ብሎ ስለሚያስብ፣ ከ1882 ዓ.ም. በፊት ሣህለ ማርያምን ይፈልጋል። አያገኝም። ሣህለ ማርያም ከመቅደላ ያመለጡት በ1857 ዓ.ም. መጨረሻ ነው፤ ሸዋ ገብተው አገሩን ሲይዙ ምኒልክ ተብለው ነው። ስለዚህ ድንበሩ ሃያ አራት ዓመት ያህል ወደ ኋላ ይገፋል። ከዚህም በላይ አያታቸው ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ስሙን ገና በሕፃንነታቸው አውጥተውላቸዋል የሚል ባህል ስላለ፣ በልጅነት ዘመናቸው ሁለቱንም ስም መፈለግ ይሻላል።

አፄ ኃይለ ሥላሴ ደግሞ ከዚህም የተለዩ ናቸው። በ1923 ዓ.ም. ሲነግሡ አዲስ ስም አልወሰዱም፤ ኃይለ ሥላሴ የክርስትና ስማቸው ነበር። ስሙ ከተወለዱ ጀምሮ ነበረ፤ ግን ተፈሪ መኮንን ሲባሉ ያደጉ ስለሆነ ማንም በዚያ አይጠራቸውም ነበር። የእሳቸው መዝገብ የሚመቸው ማዕረጋቸው በየጊዜው መቀያየሩ ነው። በ1898 ዓ.ም. ገና በልጅነት ደጃዝማች ተባሉ፤ በመስከረም 1909 ራስና አልጋ ወራሽ፤ በመስከረም 1921 ንጉሥ። ስለዚህ «ራስ ተፈሪ» የሚል ዓመት የሌለው ወረቀት በእነዚያ አሥራ ሁለት ዓመታት ውስጥ የተጻፈ ነው ብሎ መገመት ይቻላል። 

ንግሥት ዘውዲቱ ደግሞ በሌላ አቅጣጫ ያስተምሩናል። አስካለ ማርያም የክርስትና ስማቸው ሲሆን የነገሡት ግን በዘውዲቱነታቸው ነው። የእሳቸውን ልጅነት «ዘውዲቱ» ብሎ መፈለግ ትክክል ነው። እንግዲህ ንግሥ ሁሉ ስም ይቀይራል ብሎ የሚነሣ ሰው እዚህ ላይ ይሰናከላል። በጥንቱ ዘመን ደግሞ ነገሩ ጨርሶ ይገለበጣል፤ ገላውዴዎስ የዙፋን ስሙ አጽናፍ ሰገድ፣ ፋሲለደስ ዓለም ሰገድ ነበር፤ ታሪክ ግን ያስቀረላቸው ቀድሞ የነበራቸውን ስም ነው። በዚያ ዘመን ላይ የሚሠራ ሰው የሚቸገረው የልጅነት ስም ፍለጋ ሳይሆን፣ በብራና ላይ «ዓለም ሰገድ» የሚል ሲያገኝ ፋሲለደስ መሆኑን ማወቁ ላይ ነው።

በመጨረሻ አንድ ነገር ልለምናችሁ። ከዚህ አዳራሽ ውስጥ አባት አያቱ ያቆዩለት ደብዳቤ፣ የርስት ውል፣ ወይም በወንጌል ዳርቻ ላይ የተጻፈ ማስታወሻ በቤቱ ያለው ሰው አይጠፋም። እነዚህን ስትመዘግቡ፣ ወረቀቱ «ደጃዝማች ካሳ» ካለ «ደጃዝማች ካሳ» ብላችሁ ጻፉ። «አፄ ቴዎድሮስ ናቸው» የሚለውን ግምታችሁን ከሥሩ ለብቻው አስፍሩ፤ ለምን እንደገመታችሁም ጨምሩበት። የወረቀቱን ስም በዙፋን ስም ተክታችሁ ከመዘገባችሁ ግን፣ ወረቀቱ መቼ እንደተጻፈ የሚናገረውን ምስክር አጠፋችሁ፤ ምናልባትም የዮሐንስን ወረቀት ለቴዎድሮስ ሰጣችሁ።